በርገሩ ቡናማ ስለሆነ በስሏል ማለት አይደለም

ቤት ውስጥ በርገር የምትጠብሱ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መሃሉን ቆርጦ ቀይ አለመሆኑን ማየት አይበቃም። እኔም ለዓመታት የማደርገው እሱን ነበር።

ሥጋን ቀይ የሚያደርገው ማዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ነው። የተፈጨ ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ሲቆይ አየር ያገኘውና ሳይጠበስ መጥቆር ይጀምራል። እንዲህ ያለው ሥጋ መጥበሻ ላይ ሲወጣ ገና 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እያለ ቡናማ ሆኖ የበሰለ ሊመስል ይችላል። መሃሉ መድረስ ያለበት ግን 71 ዲግሪ ነው። ሙሉ ቁራጭ ሥጋ ላይ ባክቴሪያው ባብዛኛው ከላይ ነው፤ ሲፈጭ ግን ወደ ውስጥ ይደባለቃል። ስለዚህ መሃሉ ጥሬ ሆኖ ከቀረ አደጋው እዚያው አለ።

የሚያዋጣው የምግብ ቴርሞሜትር ነው። ከላይ ወደ ታች አትውጉት፤ በርገር ቀጭን ስለሆነ ጫፉ መጥበሻውን ይነካና የተሳሳተ ቁጥር ያሳያችኋል። ከጎኑ አስገቡት፣ ጫፉ መሃል ይድረስ። ቁጥሩ መውጣቱን እስኪያቆም ጠብቁ። ከ71 በታች ከሆነ መልሱት፣ ቴርሞሜትሩንም እጠቡት።

ዶሮ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አጥንቱ አጠገብ ሮዝ ሆኖ ሳለ 74 ዲግሪ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ያኔ በስሏል፣ ብሉት።