የአስርዮሽ ሰዓትን ለደመወዝ ወደ ሰዓትና ደቂቃ ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከነጥብ በኋላ ያለውን እንደ ደቂቃ ማንበብ። በሳምንታዊው የሥራ ሰዓት ቅጽ ላይ 7.50 ማለት ሰባት ሰዓት ተኩል እንጂ 7 ሰዓት ከ50 ደቂቃ አይደለም። 7.75ን ማንም አይሳሳተውም፣ 75 ደቂቃ የሚባል ነገር የለምና። የሚያሳስቱት እንደ 7.30 ያሉት ናቸው። 0.30 በ60 ሲባዛ 18 ስለሚሆን ትክክለኛው 7 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ነው።

የሳምንቱን ድምር ብቻ መቀየር። «መጀመሪያ ደምር፣ መጨረሻ ላይ አጠጋጋ» የሚለው ምክር የተለመደ ነው። እዚህ ግን ያሳስታል፣ ምክንያቱም ቅጹ ላይ የሰፈረው ቁጥር አስቀድሞ ተጠጋግቷል። አንድ ሠራተኛ ከሰኞ እስከ ዓርብ 8፡20፣ 7፡50፣ 8፡10፣ 8፡20 እና 7፡20 ሠርቷል እንበል። ድምሩ ልክ 40 ሰዓት ነው። ቅጹ ላይ ግን 8.33፣ 7.83፣ 8.17፣ 8.33 እና 7.33 ተብሎ ይመዘገባል፤ ይህ ሲደመር 39.99 ይመጣል፣ ማለትም 39 ሰዓት ከ59 ደቂቃ።

መፍትሔው የእያንዳንዱን ቀን ቁጥር በ60 አባዝቶ ወደ ቅርቡ ሙሉ ደቂቃ ማጠጋጋት፣ ከዚያ ደቂቃዎቹን መደመር ነው። 8.33 በ60 ሲባዛ 499.8 ስለሆነ 500 ይሆናል። አምስቱ ቀናት 500፣ 470፣ 490፣ 500 እና 440 ይሰጣሉ፤ ድምሩ 2400 ደቂቃ፣ ማለትም 40 ሰዓት ነው። ይህ የሚሠራው 0.01 ሰዓት 36 ሰከንድ ስለሆነ ነው። በማጠጋጋት የሚመጣው ስህተት ከ18 ሰከንድ አይበልጥም፣ ይህም ከግማሽ ደቂቃ በታች ነው። ዘዴው ግን ሰዓቱ መጀመሪያ በሙሉ ደቂቃ ለተያዘና ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ላለው ቅጽ ብቻ ነው። 8.3 ተብሎ በአንድ አሃዝ የተጻፈ ቁጥር 6 ደቂቃ ያህል ክልል ስለሚሸፍን በስሌት አይመለስም፤ የመግቢያና የመውጫ ሰዓቱን ማየት ግድ ነው።

ትርፉን ቆርጦ መጣል። 19.8 ደቂቃን 19 ማለት በየቀኑ አንድ ደቂቃ ሊያሳጣ ይችላል። በኤክሴል `INT` ይቆርጣል፣ `ROUND` ያጠጋጋል።

ሰዓቱን ቀድሞ መነጠል። ከ7.995 ላይ 7ን አንስተው የቀረውን ቢያጠጋጉ «7 ሰዓት ከ60 ደቂቃ» ያገኛሉ። ሁሉንም ወደ ደቂቃ ቀይሮ ሰዓቱን በመጨረሻ ማውጣት ይሻላል። በኤክሴል፣ ቀናቱ ከB2 እስከ B6 ካሉ፣ የመጀመሪያው ቀመር C2 ላይ ተጽፎ እስከ C6 ይወርዳል፤ ቀሪዎቹ C7፣ D7 እና E7 ላይ ይገባሉ፦

```
=ROUND(B2*60,0)
=SUM(C2:C6)
=INT(C7/60)
=MOD(C7,60)
```

ሰዓትና ደቂቃውን በነጥብ ጽፎ ማባዛት። 38 ሰዓት ከ45 ደቂቃን 38.45 ብለው በሰዓት ክፍያው ካባዙት ሠራተኛው የ18 ደቂቃ ክፍያ ያጣል። ጠቅላላ ደቂቃውን በሰዓት ክፍያው አባዝተው ለ60 ያካፍሉ፤ ገንዘቡን ያጠጋጉት ከዚያ በኋላ ነው።