የማንጋኒዝ ሙሙት በስፔክትሮፎቶሜትር ሳይታይ ፐርማንጋኔት ከልክ ሲያልፍ፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ

0.01 ሞላር የማንጋኒዝ ሰልፌት ሙሙት በ1 ሴንቲ ሜትር ኩቬት ተደርጎ ከ350 እስከ 700 ናኖሜትር ሲለካ፣ የሚገኘው መስመር ከንጹሕ ውሃ መስመር አይለይም። በዚያው መሣሪያ ተመሳሳይ መጠን ያለው የፖታሺየም ፐርማንጋኔት ሙሙት ሲገባ ግን በ525 ናኖሜትር አካባቢ መታየት ያለበት ጫፍ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የመሣሪያውን መብራት ነው፤ መብራቱ ግን በአብዛኛው ጤነኛ ነው።

አብዞርባንስ፣ ማለትም ሙሙቱ ብርሃንን የሚመጥጥበት መጠን፣ የሚገኘው A = εcl በሚለው ቀመር ነው፤ ε የንጥረ ነገሩ ብርሃን የመምጠጥ አቅም፣ c የሙሙቱ መጠን በሞላር፣ l ብርሃኑ በኩቬቱ ውስጥ የሚያልፍበት ርዝመት በሴንቲ ሜትር ነው። በውሃ ለተከበበው የማንጋኒዝ አዮን ε በጣም ከፍተኛ በሆነበት ሞገድ እንኳ 0.03 ገደማ ስለሆነ ውጤቱ 0.0003 ይሆናል፤ ይህም በመሣሪያው የተለመደ መዋዠቅ ውስጥ ይሰጥማል። ለፐርማንጋኔት ε ወደ 2,400 ስለሚጠጋ ስሌቱ 24 ይሰጣል፤ እንዲህ ያለውን አብዞርባንስ የሚለካ መሣሪያ የለም። ሁለቱም ማንጋኒዝ ሆነው ሳለ ልዩነታቸው ሰማንያ ሺህ እጥፍ ነው።

መንስኤው

ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ባለው የማንጋኒዝ አዮን ውስጥ አምስቱ የዲ ኦርቢታሎች እያንዳንዳቸው አንድ ኤሌክትሮን ይዘዋል፤ የአምስቱም ስፒን ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ አንድ ኤሌክትሮን ከአንዱ የዲ ኦርቢታል ወደ ሌላው መዛወር የሚችለው ስፒኑን ከገለበጠ ብቻ ነው፤ መድረሻው ላይ ተመሳሳይ ስፒን ያለው ኤሌክትሮን አስቀድሞ ተቀምጧልና። የብርሃን የኤሌክትሪክ መስክ ደግሞ ስፒንን አይነካም። ሽግግሩ ጭራሹን ዜሮ ያልሆነው ስፒንና የኤሌክትሮኑ የምሕዋር እንቅስቃሴ በጥቂቱ ስለሚተሳሰሩ ነው፤ ይህ ትስስር በማንጋኒዝ ደካማ ነው።

ሁለተኛው እገዳ የፓሪቲ ነው። ስድስት የውሃ ሞለኪውሎች የከበቡት አዮን የሲሜትሪ ማዕከል አለው። የዲ ኦርቢታል በዚህ ማዕከል በኩል ወደ ተቃራኒው ወገን ሲገለበጥ ምልክቱ አይለወጥም፤ የብርሃኑ የዳይፖል ኦፕሬተር ግን ምልክቱን ይለውጣል። መነሻውም መድረሻውም ዲ በሆነ ሽግግር የሦስቱ ብዜት ምልክቱን የሚለውጥ ስለሚሆን፣ በአንድ ወገን የተደመረው በሌላው ወገን ይቀነሳል፤ ድምሩም ዜሮ ነው። ጥቂት ብርሃን የሚመጠጠው ሊጋንዶቹ፣ ማለትም አዮኑን የከበቡት የውሃ ሞለኪውሎች፣ ሲንቀጠቀጡ ሲሜትሪውን ለአፍታ ስለሚያዛቡት ነው።

ፐርማንጋኔት ውስጥ ያለው ማንጋኒዝ አንድም የዲ ኤሌክትሮን ስለሌለው ቀለሙ ከዲ-ዲ ሽግግር ሊመጣ አይችልም። ብርሃኑ ኤሌክትሮን ከኦክስጅን አንሥቶ ወደ ባዶው የማንጋኒዝ ዲ ኦርቢታል ይወስዳል፤ የቻርጅ ዝውውር የሚባለው ይህ ነው። ስፒን መገልበጥ አያስፈልግም። ቴትራሄድራል ቅርጹ የሲሜትሪ ማዕከል ስለሌለው የፓሪቲ እገዳም አይሠራበትም። በዚያ ላይ ቻርጁ ከአንድ አተም ወደ ሌላ አተም ስለሚሻገር ዳይፖሉ ትልቅ ነው።

መፍትሄው

ፐርማንጋኔቱን 50 ጊዜ ማቅጠን ይበቃል፤ አብዞርባንሱ 0.48 ይሆናል። ለማንጋኒዝ ሰልፌት ግን መጠኑን ወደ 1 ሞላር አሳድጎ በ10 ሴንቲ ሜትር ኩቬት መለካት ያስፈልጋል፤ ያኔ በ401 ናኖሜትር 0.3 አካባቢ ይነበባል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሙሙቱ ይህን ያህል ሲወፍር፣ ε 2,400 የሆነ ማንኛውም ቆሻሻ በሊትር 0.0000125 ሞል ብቻ ቢገኝ የማንጋኒዙን ያህል ብርሃን ይመጥጣል። የሚለዩት በቅርጻቸው ነው፦ በ401 ናኖሜትር ያለው የማንጋኒዝ ጫፍ ጠባብ ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ በነበሩበት የኦርቢታል ስብስብ ቆይተው ስፒን ብቻ ስለሚገለበጥ የትስስሩ ርዝመት ብዙም አይለወጥም። ወደ አልትራቫዮሌት እያደገ የሚሄድ ሰፊ ዳገት ከታየ ግን የሌላ ንጥረ ነገር፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው የብረት አዮን፣ የቻርጅ ዝውውር ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ተቃራኒው ምልክት

ሮዝ የነበረው የኮባልት ክሎራይድ ሙሙት ወፍራም ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲጨመርበት ሰማያዊ ይሆናል፤ ε ከ5 አካባቢ ወደ 600 ገደማ ይዘልላል። ይህን አይቶ የቻርጅ ዝውውር ነው ማለት ስሕተት ነው። አራት ክሎራይድ የከበቡት ኮባልት የሲሜትሪ ማዕከሉን ስላጣ የዲ ኦርቢታሎቹ ከፒ ጋር በከፊል ይቀላቀላሉ፤ ስለዚህ የፓሪቲ እገዳው ይላላል፤ ሽግግሩ ግን ያው ዲ-ዲ ነው። ጥርጣሬ ካለ ክሎራይዱን በብሮማይድ ቀይሮ መለካት ነው፦ ብሮማይድ ኤሌክትሮኑን በቀላሉ ስለሚለቅ የቻርጅ ዝውውር ጫፍ ወደ ረጅም ሞገድ በብዙ ይሸሻል፤ በ690 ናኖሜትር አካባቢ ያለው የኮባልት ጫፍ ግን የሚንቀሳቀሰው በጥቂቱ ነው።