የዱቤ ቀሪ በአራት ጊዜ እንዲከፈል ያስቻለው መልእክት

ጎንደር አራዳ፣ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ። «ጋሼ፣ ሲመችዎት ያስቡበት» የሚለው መልእክት የዱቤ ቀሪ ላለበት ደንበኛ ሁለት ጊዜ ተልኮ መልስ አላገኘም። ጥፋቱ «ሲመችዎት» ላይ ነው፤ ቀን የለውም፣ ልኩም አልተነገረም፣ ስለዚህ ሰውየው ሁሉንም በአንዴ የተጠየቀ ይመስለዋል።

መልስ ያስገኘው ይኸኛው ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው? ግንቦት ላይ ከወሰዱት የ18,600 ብር ቆርቆሮና ሚስማር 6,000 ከፍለውልናል፤ እናመሰግናለን። የቀረው 12,600 ነው። በአንዴ እንዳይከብድዎ እንዲህ ብናደርገውስ፦ ሐምሌ 5 ቀን 3,600፣ ነሐሴ 5 ቀን 4,000፣ መስከረም 5 ቀን 1,000፣ ጥቅምት 5 ቀን 4,000። ጭማሪ የለውም። በቴሌብር ወይም ሱቅ መጥተው መክፈል ይችላሉ። ከተስማሙ “እሺ” ይበሉኝ፤ ቀኑ ካልተመቸዎ የሚሻልዎትን ይጻፉልኝ።»

ደንበኛው ደመወዝተኛ ስለሆነ ቀኑ 5 ሆነ፤ የወር መጨረሻ ደመወዝ ገና አላለቀም። መስከረም ግን ሌላ ነው። የነሐሴ ደመወዝ ጳጉሜንን አሻግሮ፣ እንቁጣጣሽን አውሎ፣ ለልጆች ደብተር ገዝቶ ነው የሚደርሰው። አራቱን እኩል 3,150 ማድረግ ለሒሳብ ያምራል፣ ግን መስከረም ላይ ይሰበራል፤ አንዴ የተሰበረ ደግሞ ሰውየው በሱቁ በር ማለፍ ይተዋል።

«ጭማሪ የለውም» የምትለዋ እንዳትቀር፤ ካልተጻፈች ወለድ ያለው ይመስላል።

ክፍያ በገባ ቁጥር ወዲያው «3,600 ደርሶኛል፣ ቀሪ 9,000» ብሎ መላክ ነው። በመሃል አዲስ ዕቃ ከፈለገ በእጅ በእጅ ይሸጥለታል፤ ከአሮጌው ዱቤ ጋር ከተደባለቀ ቀሪው ስንት እንደሆነ ሁለቱም ይጠፋባቸዋል።