በሌላ ሰው ልቦለድ ውስጥ ስፌቱ የማይታይ አንቀጽ እንዴት ይጨመራል?

ድሬዳዋ የሚኖር አንድ ወዳጄ የልቦለዱን ረቂቅ ሰጠኝ። ዘቢባ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ካለው ቤቷ ትወጣለች፤ በሚቀጥለው አንቀጽ ቀፊራ ገበያ ቆማለች። መሀል ላይ የደቻቱን ወንዝ የምትሻገርበት አንቀጽ ጠፍቷል። እሱ ታሞ ስለነበር «አንተ ሙላልኝ» አለኝ።

ከክፍተቱ በፊት ያለው የሱ ጽሑፍ ይህ ነው፦

«ዘቢባ በሩን ዘጋች። ቁልፉን ጡቷ ውስጥ ከተተች። ከዚራ ጥላ ነው። ዛፉ ያለቀበት ቦታ ቆመች። ፀሐይ ጠበቀቻት።»

ለመጻፍ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ከክፍተቱ በፊትና በኋላ ያለውን ሁለት ሁለት ገጽ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ከዚያ አንዱን ገጽ በእጃችሁ ገልብጡ። ዓይን የሚዘለውን እጅ አይዘለውም። እኔ ስገለብጥ ነው ዓረፍተ ነገሮቹ ከስድስት ቃል እንደማይበልጡ የገባኝ። «እያስታወሰች፣ እያሰበች» እያለ ግስ አይቀጥልም። ስሜትንም በስሙ አይጠራም፤ ዘቢባ ከፍቷት እንደሆነ የምናውቀው ከእጇ ነው።

ይህን ሁሉ አውቄ የመጀመሪያ ሙከራዬ እንዲህ ወጣ፦

«ዘቢባ ልቧ በሐዘን ተሞልቶ፣ ያለፈውን እያስታወሰች የደቻቱን አሸዋ ተሻገረች። ሙቀቱ ጠበቃት። ገበያው ጠበቃት።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የኔ ነው፣ የሱ አይደለም። ይሄ በቀላሉ ይታያል። የባሰው «ጠበቃት» ነው። እሱ ራሱ የሚጽፈው ነገር ነዋ! ግን ቆጠርኩ፤ በሃያ ገጽ ውስጥ ግዑዝ ነገር ሰው ሲጠብቅ ያየሁት ሦስቴ ብቻ ነው። እኔ በአንድ አንቀጽ ሁለቴ ጫንኩበት፣ ያውም እሱ ከተጠቀመበት አጠገብ። አስመሳይን የሚያጋልጠው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ የደራሲውን ልማድ ከደራሲው በላይ ማብዛት። ስለዚህ ልማዱን ስታገኙ በስንት ገጽ አንዴ እንደሚመጣ ቁጠሩ። ቅርብ ላይ ካለ ተዉት።

ሁለተኛው ሙከራ፦

«ደቻቱ ደርቋል። ጫማዋ ውስጥ አሸዋ ገባ። አላራገፈችውም። ማዶ አንድ ባጃጅ ጡሩንባ ነፋ። ነጠላዋን አጠበቀች።»

ፊደሉንም አስተያዩ። ደራሲው «ፀሐይ» እያለ እናንተ «ጸሀይ» ካላችሁ አንባቢ ምን እንደሆነ ባያውቅም የሆነ ነገር ይቆረቁረዋል። ኮምፒውተር ላይ ከሆነ በፍለጋ ሁለቱንም አጻጻፍ ፈልጉና የበዛውን ያዙ። ረቂቁ ራሱ የተዘበራረቀ ከሆነ ግን አጠገባችሁ ያለውን ገጽ ተከተሉ፤ ሙሉውን ማቃናት ሌላ ሥራ ነው።

በመጨረሻ ገጹን ያለ ምንም ምልክት አትሙና ረቂቁን ለማያውቅ ሰው ስጡ። «የተጨመረው የቱ ነው?» አትበሉ፤ ከጠየቃችሁ መፈለግ ይጀምራል። ድምፅ አውጥቶ ሲያነብ የት እንደሚደናቀፍ ብቻ ስሙ። እህቴ ደቻቱን ያለችግር ተሻገረች፣ «ጡሩንባ» ላይ ግን ቆም አለች። ረቂቁን ፈለግሁ። ወዳጄ በሁሉም ቦታ የጻፈው «ክላክስ» ነው።