የታዳጊ ሯጭን ሥልጠና ከቁመቱ እድገት ጋር ማጣጣም

በደብረ ማርቆስም ሆነ በቡሬ ታዳጊ ሯጮችን የምታሠለጥኑ ሁሉ፣ ልጆቹን በዕድሜያቸው ብቻ ከመመደብ ይልቅ በየሦስት ወሩ ጠዋት ጫማቸውን አስወልቃችሁ ቁመታቸውን ለኩ። ፈጣኑ እድገት በአብዛኛው ሴቶችን በ12፣ ወንዶችን በ14 ዓመት ገደማ ቢያገኛቸውም፣ በእኩዮች መካከል የሁለት ዓመት ልዩነት ያጋጥማል።

በጥር 152 ሴንቲ ሜትር የነበረ ልጅ በሚያዝያ 154.5 ከደረሰ፣ በዓመት ሲሰላ 10 ሴንቲ ሜትር እያደገ ነውና፣ የለመደው አሯሯጥ ለጊዜው ቢበላሽበት (ስንፍና ነው ብላችሁ እንዳትቆጡት) ዝላይንና የአስፋልት ሩጫን ቀንሳችሁ በሣር ላይ ቀለል ያለ ሩጫ፣ የአሯሯጥ ስልትና ጡንቻን የማፍታታት እንቅስቃሴ አሠሩት። ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለውን የአጥንት እብጠት ስትጫኑት የሚያመው ከሆነ ግን ዝላዩን ጨርሶ አስቁሙትና ወደ ጤና ባለሙያ ላኩት። ከባዱ የፍጥነት ምልልስ የቁመቱ ጭማሪ እስኪረጋጋ ይቆየው።