የሁለት ዳይስ ድምር 7 የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? በመቁጠር እንዴት እንደሚሰላ

ሁለት ዳይስ አንድ ላይ ተጥለው የነጥቦቻቸው ድምር 7 የመሆን ዕድሉ 1/6 ነው። መልሱን መያዝ ቀላል ነው። የሚያሳስተው አቆጣጠሩ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ከተዘናጉ 1/7 ወይም 1/11 ይመጣል፤ ሁለቱም ሲያዩአቸው ትክክል ይመስላሉ። ስለዚህ ሥራውን ከወረቀት እንጀምር።

ሁለት ዳይስ፣ ወረቀትና እርሳስ ያዘጋጁ። ዳይሶቹ ቀለማቸው ቢለያይ ጥሩ ነው፤ እዚህ አንዱን ቀይ፣ ሌላውን ነጭ እንበላቸው። አንድ ዓይነት ከሆኑ በአንደኛው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉበት። ይህን ትንሽ ነገር አይዝለሉት፤ ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል።

ደረጃ 1፦ ሊወጣ የሚችለውን ሁሉ ይጻፉ

ስድስት ረድፍና ስድስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይሥሩ። ረድፎቹ የቀዩ ዳይስ ቁጥሮች፣ ዓምዶቹ የነጩ ናቸው። በየሳጥኑ ውስጥ የሁለቱን ድምር ይጻፉ።

```
     1   2   3   4   5   6
1    2   3   4   5   6   7
2    3   4   5   6   7   8
3    4   5   6   7   8   9
4    5   6   7   8   9  10
5    6   7   8   9  10  11
6    7   8   9  10  11  12
```

ቀዩ በስድስት ዓይነት ሊያርፍ ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ደግሞ ነጩ ስድስት አማራጭ አለው። ስለዚህ ሳጥኖቹ 6 × 6 = 36 ናቸው።

ደረጃ 2፦ ሳጥኖቹ እኩል ዕድል እንዳላቸው ያረጋግጡ

ቆጥሮ ማካፈል የሚሠራው እያንዳንዱ ሳጥን ከሌላው እኩል የመውጣት ዕድል ሲኖረው ብቻ ነው። ዳይሶቹ ያልተዛቡ ከሆኑና አንዱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ ከሌለው ከ36ቱ አንዱን ከሌላው የሚያስበልጥ ነገር የለም። ይህ ካልተሟላ ቀጣዩ ደረጃ ዋጋ የለውም።

ደረጃ 3፦ የሚፈልጉትን ቆጥረው ለጠቅላላው ያካፍሉ

7 የተጻፈባቸውን ሳጥኖች ያክብቡ። ከላይ ቀኝ ጥግ ተነስተው እስከ ታች ግራ ጥግ በሰያፍ ይወርዳሉ። ቀዩን አስቀድመን ስንጽፋቸው 1 እና 6፣ 2 እና 5፣ 3 እና 4፣ 4 እና 3፣ 5 እና 2፣ 6 እና 1 ናቸው። ስድስት ሳጥን ከ36 ማለት 6/36፣ ሲቃለል 1/6፤ በመቶኛ 16.7 ገደማ ነው።

ሠንጠረዡን ሳያዩም እዚሁ መድረስ ይቻላል። ቀዩ መጀመሪያ ቆመ እንበልና 2 አሳየ። አሁን ድምሩን 7 የሚያደርገው የነጩ ቁጥር 5 ብቻ ነው። ቀዩ 6 ቢያሳይ ደግሞ 1 ብቻ። ቀዩ ምንም ያሳይ ምን፣ ከነጩ ስድስት ገጾች የሚያስፈልገን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ያውም ዳይስ በተለመደው መንገድ ሲሠራ ተቃራኒ ገጾቹ ድምራቸው 7 ስለሆነ፣ የሚፈለገው ቁጥር ቀዩ ዳይስ ከሥሩ የደበቀው ነው። ድምሩ 8 እንዲሆን ቢፈለግ ግን ቀዩ 1 ባሳየበት ጊዜ የሚያድነን የለም፤ 7 የሚል ገጽ የለምና። ለዚህ ነው 8 አምስት ሳጥን ብቻ ያለው፣ 7 ደግሞ ከሁሉም ድምሮች የሚበልጠው።

ሰዎች የሚሳሳቱባቸው ሁለት ቦታዎች

የመጀመሪያው ድምሮቹን ራሳቸውን መቁጠር ነው። ከ2 እስከ 12 አሥራ አንድ ድምሮች ስላሉ «7 ከእነሱ አንዱ ነው፣ ዕድሉ 1/11 ነው» ይባላል። ድምሮቹ ግን እኩል ዕድል የላቸውም፤ 2 በአንድ ሳጥን ብቻ ሲገኝ 7 በስድስት ይገኛል። እዚህ የተጣሰው ደረጃ 2 ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ስውር ነው። ሰው «3 እና 4» እና «4 እና 3» አንድ ነገር ናቸው ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጥራቸዋል። እንዲህ ሲሆን ጠቅላላው ወደ 21 ይወርዳል፤ ከእነሱ 7 የሚሆኑት ሦስት ስለሆኑ 3/21፣ ማለትም 1/7 ይወጣል። ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ላይብኒዝ ሳይቀር 12 እና 11 እኩል ይወጣሉ ብሎ የተሳሳተው በዚሁ ነው። 12 የሚመጣው በ6 እና 6 ብቻ ነው፤ 11 ግን ቀዩ 5 ነጩ 6፣ ወይም ቀዩ 6 ነጩ 5 ሲሆን ነው፤ ስለዚህ እጥፍ ዕድል አለው። ዳይሶቹን በቀለም እንዲለዩ የተባለው ለዚህ ነው። ቀለሙ ዕድሉን አይለውጠውም፤ ዓይናችን ሁለቱን አጋጣሚዎች እንዳያቀላቅል ብቻ ይረዳል።

በመጣል መፈተሽ

የትኛው አቆጣጠር ልክ እንደሆነ ዳይሶቹን ራሳቸውን መጠየቅ ይቻላል፤ ነገር ግን የሚጠየቀው ጥያቄ መመረጥ አለበት። ዳይሶቹን 180 ጊዜ ይጣሉ። 1/6 ትክክል ከሆነ 7 ወደ 30 ጊዜ፣ 1/7 ትክክል ከሆነ ደግሞ ወደ 26 ጊዜ መውጣት አለበት። በዚህ ያህል ሙከራ ቁጥሩ በአጋጣሚ ብቻ አምስት ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ 28 ቢያገኙ ምንም አልለዩም።

ይልቅ መንታ ውጤቶችን፣ ማለትም ሁለቱም ዳይስ አንድ ቁጥር ያሳዩባቸውን ጊዜያት ይቁጠሩ። ከ36 ሳጥኖች መንታዎቹ ስድስት ናቸው፤ ከ180 ውስጥ ወደ 30 ይጠበቃል። 21 ውጤቶች ብቻ ናቸው የሚለው አቆጣጠር ግን 6/21 ይሰጣቸዋል፤ ይህም ወደ 51 ነው። በ30 እና በ51 መካከል ያለው ልዩነት በአጋጣሚ የሚሸፈን አይደለም። እያንዳንዱን ውጤት እንደተጣለ ወዲያው ይመዝግቡ፤ ዳይስ ከጠረጴዛ ሲወድቅ ይድገሙት እንጂ የሚመቸውን እየመረጡ አይቁጠሩ።

ዳይሱ የተዛባ ከሆነስ?

ቀዩ ዳይስ በአንድ ጎኑ ከብዶ ግማሹን ጊዜ 6 ያሳያል እንበል። ሳጥኖቹ እኩል መሆናቸው ስለቀረ ከ36 መቁጠር አይሠራም። ለምሳሌ የ12 ዕድል ከ1/36 ተነስቶ 1/2 × 1/6 = 1/12 ይደርሳል፤ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። የ7 ዕድል ግን ነጩ ትክክለኛ እስከሆነ ድረስ ከ1/6 አይነቃነቅም፤ ቀዩ የፈለገውን ቢያሳይ ከነጩ የምንፈልገው አንድ ገጽ ብቻ ነውና። ስለዚህ ዳይስዎ ያዳላ እንደሆነ ለማወቅ 7ን መቁጠር አይበቃም፤ እያንዳንዱን ዳይስ ለብቻው እየጣሉ ስድስቱ ገጾች ስንት ስንት ጊዜ እንደወጡ ይመዝግቡ።