የዳቦ ቤት ኮስት ሺት፦ የአንዱ ዳቦ ወጪ በየወሩ ሲዘል

ምልክቱ ይህን ይመስላል። የዱቄት ዋጋ ኩንታሉ 7,000 ብር ላይ ቆሟል፤ በሁለቱም ወር የተጋገረው 72,800 ዳቦ ነው። ኮስት ሺቱ ግን የአንዱን ዳቦ ወጪ በመጀመሪያው ወር 8.43 ብር፣ በሁለተኛው 6.51 ብር ይላል። ዳቦው የሚሸጠው 8 ብር ነውና ባለቤቱ አንዱን ወር የከሰረ፣ ሌላውን ያተረፈ ይመስለዋል። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፤ አወራረዱ ግን የብዙ ዳቦ ቤት ነው።

መጀመሪያ የሚታየው የዱቄቱ መስመር ነው። ብዙ ጊዜ እዚያ የሚሰፍረው የወሩ ግዢ ደረሰኝ ድምር ነው። በመጀመሪያው ወር 60 ኩንታል ተገዛ፣ በሁለተኛው 40። ሊጥ ውስጥ የገባው ግን በሁለቱም ወር 52 ነበር። ስለዚህ በወሩ መጀመሪያና መጨረሻ መጋዘኑን ቆጥሩ፦ 12 ኩንታል ነበር፣ 60 ተገዛ፣ 20 ተረፈ፤ የተበላው 52 ኩንታል፣ ማለትም 364,000 ብር ነው። የተረፈው 20 ኩንታል የሚቀጥለው ወር መነሻ እንጂ የዚህ ወር ወጪ አይደለም።

ቆጠራውን ማመን ካልቻላችሁ ሊጡን ጠይቁት። ለ1 ኩንታል ዱቄት 60 ሊትር ውኃ፣ 2 ኪሎ ጨውና 1 ኪሎ ደረቅ እርሾ ከገባ 163 ኪሎ ሊጥ ይወጣል። በ115 ግራም ሲቆረጥ 1,417 ነው፤ ማቡኪያው ላይ የሚቀረውና የሚበላሸው ሲቀነስ 1,400 ዳቦ። 52 ኩንታል ስንት እንደሚሰጥ አባዙት፤ 72,800 ይመጣል። ቁጥሩ ካነሰ ወይ ሊጡ ከብዶ እየተቆረጠ ነው፣ ወይ ዱቄቱ በሌላ በር እየወጣ ነው። ሁለቱን ሚዛን ይለያቸዋል፦ ከየትሪው ጥቂት ሊጥ አንሱና መዝኑ።

ዘይት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሊጥ ውስጥ የሚገባው ቀጥተኛ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ትሪ የሚቀባበት ግን ለየትኛው ዳቦ ስንት እንደሄደ ስለማይለካ ኦቨርሄድ፣ ማለትም የጋራ ወጪ፣ ውስጥ ይገባል።

ቀጥሎ ደመወዝ። ምልክቱ፣ ፔይሮሉ እንዳለ «የሰው ጉልበት» በሚል አንድ መስመር መስፈሩ ነው። እጁ ሊጡ ላይ ያለ ሰው፣ ማለትም አቡኪው፣ ቆራጩና ጋጋሪው፣ ቀጥተኛ ጉልበት ነው። ተቆጣጣሪውና ጽዳት ሠራተኛዋ ኦቨርሄድ ናቸው። ካሸሯና ሻጯ ከምርት ወጪው ይወጣሉ፤ የእነሱ ደመወዝ የሽያጭ ወጪ ነው። መብራት ጠፍቶ ጋጋሪው ቁጭ ያለበት ሰዓትም ወደ ኦቨርሄድ ይሄዳል። የሌሊት ትርፍ ሰዓትም አለ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ክፍያው የመደበኛው 1.75 እጥፍ ነው። ከዚህ 1.00 ቀጥተኛ ጉልበት፣ 0.75 ኦቨርሄድ ይሆናል። አንድ ደንበኛ ለሠርግ አስቸኳይ ትዕዛዝ ሰጥቶ ከሆነ ግን ሙሉው በእሱ ትዕዛዝ ላይ ይታሰብ።

ኪራዩ 40,000 ብር ቢሆንና ቤቱ 80 ካሬ ቢሆን፣ መጋገሪያው 60 ካሬ ስለሚይዝ 30,000 ብቻ የምርት ነው። የኦቨንና የማቡኪያ የእርጅና ቅናሽ ደግሞ ከኪስ ስለማይወጣ ይረሳል፤ እዚህ 8,000 ገብቷል።

የመጀመሪያው ወር ሲስተካከል፦

ቀጥተኛ ጥሬ ዕቃ (ዱቄት 364,000፣ እርሾና ጨው 36,000)፦ 400,000
ቀጥተኛ ጉልበት፦ 50,000
ኦቨርሄድ (ኪራይ 30,000፣ መብራት 28,000፣ ናፍጣ 5,000፣ የትሪ ዘይት 9,000፣ ተቆጣጣሪ 12,000፣ ጽዳት 4,000፣ እርጅና 8,000)፦ 96,000
ድምር፦ 546,000

ለ72,800 ሲካፈል 7.50 ብር። የሱቁ ኪራይና የሻጮቹ ደመወዝ፣ በድምሩ 20,000፣ ለብቻው ሲታከል ወደ 7.77 ይደርሳል። ኪሳራ የተባለው ወር በዳቦ 23 ሳንቲም አትርፏል። ሁለተኛውም ወር፣ ሌላው ወጪ ካልተለወጠ፣ ያው ነው፤ 6.51 የተባለው የመጋዘኑ ዱቄት ሲበላ ሳይቆጠር፣ እርጅናውም ሳይገባ ስለቀረ ነው።

አንድ ምልክት ይቀራል፦ ቶስት ዳቦ ከተጨመረ በኋላ ተራው ዳቦ አክሳሪ መስሎ፣ ቶስቱ ግን በጣም አትራፊ ሆኖ ይታያል። ምክንያቱ ኦቨርሄዱ በፍሬ ቁጥር መካፈሉ ነው። ተራ ዳቦ 15 ደቂቃ፣ ቶስት 35 ደቂቃ ኦቨን ውስጥ ይቆያል፤ በፍሬ ስታካፍሉ የቶስቱን መብራት ትንሹ ዳቦ ይከፍልለታል። በኦቨን ሰዓት አካፍሉ። ኦቨኑ በወር 240 ሰዓት ቢሠራ 96,000 ÷ 240 = 400 ብር በሰዓት ነው፤ ቶስቱ 60 ሰዓት ከወሰደ 24,000 የእሱ ድርሻ ነው። ጋጋሪው ዳቦው ወይም ቶስቱ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ኦቨኑ አጠገብ በተሰቀለ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ በወሩ መጨረሻ በግምት የተሞላ ሰዓት ዋጋውን መልሶ ያዛባዋል።